880 ብር ከደንበኛ ላይ ሲቀር፦ ከመዝገብ አውጥቶ ለደንበኛው "ሂሳቡ ተዘግቷል" ማለት እንዴት ነው

ሰኔ ላይ ዓመቱን ለመዝጋት የደንበኞች ኤጂንግ ሪፖርት ስታወጡ ከላይ ትልልቆቹ ተሰብሳቢዎች አሉ፣ ወደታች ስትወርዱ ደግሞ 300 ብር፣ 880 ብር፣ 1,150 ብር እያሉ ከዓመት ዓመት የሚሻገሩ ስሞች አሉ አይደል፣ እነሱን ነው ዛሬ የማወራው። ማንም አይደውልላቸውም፣ ማንም አይሰርዛቸውም፣ ኦዲተር በመጣ ቁጥር "ይሄ ምንድነው" ይባልና "እየተከታተልን ነው" ይባላል። ደንበኛውም ደግሞ በዛች ብር ምክንያት ሱቃችሁ በር ላይ ማለፍ አፍሮ ሌላ ቦታ መግዛት ይጀምራል፣ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ።

የወረቀትና የጽህፈት መሣሪያ አከፋፋይ ጋ ሂሳብ ስለምሠራ ምሳሌዬም ከዛው ነው። ደንበኛው አዳማ የነበረ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ነው፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር። መጋቢት 2016 ላይ የ25,000 ብር ወረቀትና ቀለም በዱቤ ወሰዱ፣ 15 ፐርሰንት ቫቱ 3,750 ሲጨመር 28,750 ብር ሆነ። በሁለት ጊዜ በባንክ 20,000 እና 6,910 አስገቡ፣ ከዛ ማተሚያ ቤቱ ተዘጋ። ሌጀሩ ላይ 1,840 ብር ቀረ። አንድ ዓመት ከምናምን ቆይቶ አለቃዬ "ይሄን አጥፊልኝ" አለኝ።

መጀመሪያ የተማርኩት ነገር እንደዚህ ሲባል ቶሎ አለማጥፋት ነው።

መጀመሪያ፦ ባላንሱ ውስጥ ያለውን ለዩት

ትንሽ ቀሪ ሂሳብ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር አይደለም፣ የተለያዩ ያልተጨረሱ ነገሮች ድምር ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ከማጥፋታችሁ በፊት የደንበኛውን ፋይል ከነሽያጭ ደረሰኙ፣ ከነባንክ አድቫይሱ፣ ከነስቶር ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ እያንዳንዷ ብር ከየት እንደመጣች ጠይቁ።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዊዝሆልዲንግ ነው። በዛን ጊዜ ማህበር የሆነ ገዢ ከ10,000 ብር በላይ ዕቃ ሲገዛ ከቫት በፊት ካለው ዋጋ ላይ 2 ፐርሰንት ቀንሶ ለገቢዎች ያስገባ ነበር፣ አሁን ተመኑም ጣሪያውም ስለተቀየረ እናንተ የምታዩት ደረሰኝ በወጣበት ቀን የነበረውን ተመን ነው መጠቀም ያለባችሁ። የ25,000 ሁለት ፐርሰንት 500 ብር ነው። ስለዚህ 1,840 ውስጥ ልክ 500 ብር የምትሆን ነገር ልትኖር ትችላለች ብዬ ፋይሉን ሳገላብጥ እውነትም የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙ ከሌላ ደንበኛ ወረቀት ጋር በስቴፕለር ተያይዞ ተገኘ። ይሄ 500 ብር የማይሰበሰብ ዕዳ አይደለም፣ ደንበኛው በኛ ስም ለመንግሥት የከፈለው ቅድመ ግብር ነው፣ ከተሰብሳቢ ሂሳብ ወደ ዊዝሆልዲንግ ሂሳብ ነው የሚዛወረው። የማይሰበሰብ ብላችሁ ብትሰርዙት ከግብር ላይ የሚቀነስላችሁን ገንዘብ በእጃችሁ ጣላችሁት ማለት ነው። ደረሰኙ ባይገኝ እንኳን መጀመሪያ ኮፒ ይጠየቃል እንጂ አይሰረዝም። ደግሞ ሽያጩ የነበረበት ዓመት ግብር ያለዚህ ደረሰኝ ተገልጾ ከሆነ ለብቻው ማስተካከያ ስለሚፈልግ የግብር ጉዳይ የሚሠራላችሁን ሰው ቶሎ አማክሩ።

ሁለተኛው ተመላሽ ዕቃ ነው። የስቶሩን የዕቃ መረከቢያ ስናይ ሚያዝያ ላይ እርጥበት የነካው ወረቀት ተመልሶ ገብቷል፣ ዋጋው 400 ብር፣ ከነቫቱ 460። ስቶር ኪፐሩ ተቀብሎ ፈርሟል ግን ወረቀቱ ወደ ፋይናንስ አልመጣም። ይሄም የማይሰበሰብ ዕዳ አይደለም፣ የተመለሰ ሽያጭ ነው፣ በክሬዲት ኖት ነው መስተካከል ያለበት፣ 400 ከሽያጭ 60 ደግሞ ከቫት። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በተቃራኒው ነው፣ ሰውየው አልከፈለም ብሎ በክሬዲት ኖት ወይም በማሽኑ ሪፈንድ ዕዳውን ያጠፋል፣ እንደዚህ ማድረግ ማለት ዕቃው ተመልሷል፣ ሽያጩ አልነበረም ብሎ ማስመዝገብ ነው፣ ስቶር ሲቆጠር ዕቃው የለም፣ የቫት ሪፖርቱም ተበላሸ። ዕቃው ካልተመለሰ ወይም ዋጋው በትክክል ካልተቀነሰ ክሬዲት ኖት አትንኩ።

1,840 ሲቀነስ 500 ሲቀነስ 460፣ 880 ብር ቀረ። እውነተኛው ያልተከፈለው ይሄ ነው። አለቃዬ አጥፊው ያለኝ ገንዘብ ከግማሽ በላዩ ዕዳ እንኳን አልነበረም።

ቀጥሎ፦ ሌላ ሰው ይደውል

ይሄን ደረጃ የሚዘሉት ብዙ ናቸው፣ እኔ ግን በጣም የምጨነቅበት እሱ ነው። ትንሽ ዕዳ መሰረዝ የተሰረቀ ገንዘብ ለመደበቅ ቀላሉ መንገድ ነው። ኮለክሽን ላይ ያለ ልጅ ከደንበኛው 880 ብር በካሽ ተቀብሎ ደረሰኝ ሳይቆርጥ ኪሱ ከከተተ በኋላ "ይሄ ደንበኛ ጠፍቷል፣ ስልኩም አይሠራም፣ ብንሰርዘው ይሻላል" ቢል ማን ያውቃል? ስለዚህ ሰብሳቢ ያልሆነ፣ ካሽ የማይነካ ሰው ለደንበኛው ደውሎ ባላንሱን ማረጋገጥ አለበት። ሲደውል ደግሞ ቁጥሩን ከሰብሳቢው ማስታወሻ ሳይሆን ከደንበኛው ንግድ ፈቃድ ኮፒ ወይም መጀመሪያ ዱቤ ሲጠይቅ ከሞላው ፎርም ላይ ይውሰድ።

ንግግሩ ክስ መምሰል የለበትም። እኛ ጋ የደወለችው ከአካውንትስ የመጣች ልጅ ነበረች፣ የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ሴትዮ ትልቅ ሰው ናቸው። "እትዬ እንደምን ዋሉ፣ ከወረቀት ማከፋፈያው ነው የምደውለው፣ መዝገብ እያስተካከልን ስለሆነ እርሶ ጋ ያለውን ከኛ ጋር ለማመሳከር ነው፣ እኛ ጋ 880 ብር ቀሪ ያሳያል፣ እርሶ ጋስ እንዴት ነው?" አለቻቸው። ሴትዮዋ "ልክ ነው ልጄ፣ ማሽኑን ሸጠን ቤቱንም ለቀናል፣ አሁን ምንም የለኝም" አሉ። በቃ ይሄ ነው የሚፈለገው። "እኔ እኮ ከፍያለሁ" ቢሉ ኖሮ ስረዛው ወዲያው ይቆምና ለማን ከፈሉ፣ መቼ፣ ደረሰኝ አላቸው ወይ የሚለው ሌላ ሥራ ይጀመር ነበር።

የተደወለበት ቀን፣ ማን እንደደወለ፣ ምን እንደተባለ በዛው ቀን ይጻፍ። በቴሌግራም ወይም በኤስኤምኤስ ከሆነ ስክሪንሾቱ ፕሪንት ተደርጎ ፋይል ይግባ። ሦስቴ በተለያየ ቀንና ሰዓት ተደውሎ አንድ ጊዜ ደግሞ በጽሁፍ ተጠይቆ መልስ ከሌለ ለትንሽ ብር በቂ ነው እላለሁ። አዳማ ድረስ አንድ ሠራተኛ ለሙሉ ቀን መላክ የትራንስፖርቱ፣ የአበሉ፣ የባከነው ቀን ተደምሮ ከ880 ብር የሚርቅ አይደለም፣ ቢሄድም ደግሞ የሚያገኘው የተዘጋ በር ነው። ይሄ ስሌት ራሱ ለምን እንደተሰረዘ ማስረጃ ስለሆነ ወረቀት ላይ አስፍሩት።

የማጽደቂያ ወረቀቱ

ግማሽ ገጽ ይበቃል። የደንበኛው ስም፣ የደረሰኝ ቁጥርና ቀን፣ መጀመሪያ የነበረው 1,840፣ ከሱ ላይ የወጡት 500 እና 460 እያንዳንዱ ምን እንደሆነ፣ የሚሰረዘው 880፣ የተደረገው ጥረት ከነቀኑ፣ የማይሰበሰብበት ምክንያት፣ ከዛ ያቀረበው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው ፊርማ። አንዷ መስመር ግን እንዳትረሳ፣ "ዕዳው ለደንበኛው ይቅር ተብሏል" ወይስ "ከመዝገብ ወጥቷል እንጂ መጠየቁ አልቀረም" የምትለው፣ ለምን እንደሆነ ወደታች እነግራችኋለሁ።

ያቀረበው ሰው ራሱ ማጽደቅ የለበትም፣ ማን እስከ ስንት ብር እንደሚያጸድቅ ደግሞ ድርጅቱ አስቀድሞ በጽሁፍ ይወስን። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ የማጽደቅ ጣሪያው ለፋይናንስ ኃላፊ 1,000 ብር ከሆነና በድንገት 980፣ 950፣ 990 የሚሆኑ ስረዛዎች መብዛት ከጀመሩ አንድ ትልቅ ዕዳ እየተቆራረጠ ሊሆን ስለሚችል ጣሪያው በደረሰኝ ሳይሆን በደንበኛ፣ በዓመት ይሁን።

ፒችትሪ ላይ አመዘጋገቡ

እንትሪው ራሱ ቀላል ነው።

```
ዴቢት   የማይሰበሰብ ሂሳብ ወጪ        880.00
ክሬዲት  ተሰብሳቢ ሂሳብ (ደንበኛው)       880.00
```

ዓመቱ ሲዘጋ ለአጠራጣሪ ሂሳብ መጠባበቂያ የሚይዝ ድርጅት ከሆነ ደግሞ ዴቢቱ ወጪ ላይ ሳይሆን መጠባበቂያው ላይ ነው፣ ወጪው ያኔ ተይዟልና ሁለቴ እንዳይያዝ። 880ው ከነቫቱ ነው፣ እንዳለ ነው የሚወጣው፣ በዚህ እንትሪ የቫት ሂሳብን አትንኩት።

አሁን ስህተቱ የሚመጣው ፒችትሪ ላይ ነው። ብዙ ልጆች General Journal ከፍተው ተሰብሳቢውን በቀጥታ ክሬዲት ያደርጉታል። ጄኔራል ሌጀሩ ይቀንሳል ግን የደንበኛው ሰብሲዲያሪ ሌጀር አይነካም፣ ኤጂንጉ ላይ ሰውየው አሁንም 880 እንዳለበት ነው፣ ከዛ በሚቀጥለው ዓመት ኤጂንጉና ጄኔራል ሌጀሩ አልገጥም ሲል ሁሉም ጸጉሩን ይነጫል። ትክክለኛው መንገድ ልክ ደንበኛው እንደከፈለ አድርጎ በ Receipts በኩል መሄድ ነው። ደንበኛውን ትመርጣላችሁ፣ Reference ላይ የማጽደቂያውን ቁጥር ትጽፋላችሁ፣ Cash Account የሚለውን ከባንክ ወደ የማይሰበሰብ ሂሳብ ወጪ ትቀይራላችሁ፣ ከዛ Apply to Invoices ላይ ያቺን የመጋቢት ደረሰኝ መርጣችሁ 880 ትጽፋላችሁ። ከዚህ በፊት ግን የዊዝሆልዲንጉ 500 በተመሳሳይ መንገድ፣ ተመላሹ ደግሞ በ Credit Memo ተመዝግበው ማለቅ አለባቸው፣ አለበለዚያ ደረሰኙ ላይ የሚቀረው 880 አይሆንም።

Cash Account ን መቀየር ከረሳችሁ 880 ብር ባንክ የገባ ይመስላል። ምልክቱ ወሩ መጨረሻ ላይ ባንክ ሪኮንሲሌሽን ስትሠሩ ባንኩ የማያውቀው 880 ተንጠልጥሎ መገኘቱ ነው። ከጨረሳችሁ በኋላ ደግሞ ቀጣዩን እውነተኛ ክፍያ ስትመዘግቡ አካውንቱ ወደ ባንክ መመለሱን እዩ፣ አለበለዚያ የሌላ ሰው ክፍያ ወጪ ውስጥ ይገባል።

ሲያልቅ Customer Ledgers አውጡ፣ ዜሮ ይበል። Aged Receivables ድምሩ ከጄኔራል ሌጀሩ ተሰብሳቢ ጋር ይግጠም። ሁለቱም ከሆኑ በኋላ ነው ደንበኛው ላይ Inactive የሚለውን ምልክት የምታደርጉት። ደንበኛውን ዲሊት ለማድረግ አትሞክሩ፣ ታሪኩ ያስፈልጋል፣ ነገ ተመልሶ ዱቤ ቢጠይቅ የሚታየው እሱ ነው።

ግብር ላይስ?

አጭር መልስ፣ 880 ብሩን ወጪ ብላችሁ ስለያዛችሁት ብቻ ግብር ላይ ይያዝልናል አትበሉ። የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 የማይሰበሰብ ዕዳ እንዲቀነስ ሦስት ነገር ይጠይቃል፣ ገንዘቡ ቀድሞ በገቢ ተይዞ የነበረ መሆኑን፣ በግብር ዓመቱ ውስጥ ከመዝገብ መሰረዙን፣ እና ለማስመለስ አስፈላጊው የሕግ እርምጃ ሁሉ ተወስዶ አለመሳካቱን። ሦስተኛው ላይ ነው የምንወድቀው፣ ለ880 ብር ክስ የሚመሠርት የለማ። ስለዚህ እኔ እንደዚህ ያሉ ትንንሽ ስረዛዎችን ለብቻ በአንድ አካውንት እይዝና ግብር ሲሠራ መልሼ ትርፉ ላይ እደምራቸዋለሁ። ማህበር 30 ፐርሰንት ነው የሚከፍለው፣ የ880 ብር 30 ፐርሰንት 264 ብር ነው፣ ለ264 ብር ብዬ ከኦዲተር ጋር ስከራከር ፋይሉን ሁሉ ባስበረብር አይጠቅመኝም። ትልቅ ገንዘብ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ የጠበቃ ማስጠንቀቂያና የፍርድ ቤት ወረቀት ከመጀመሪያው መሰብሰብ አለበት።

ለደንበኛው ከመንገራችሁ በፊት ምን እንደምትነግሩት ወስኑ

ከዚህ ሁሉ ይሄ ይበልጣል። ዕዳን ከመዝገብ ማውጣትና ዕዳን ይቅር ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፒችትሪ ላይ የሠራችሁት በእናንተና በእናንተ መዝገብ መካከል ያለ ነው፣ ደንበኛው ላይ ያላችሁ መብት እንዳለ ነው፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 መሠረት ሌላ የተለየ ድንጋጌ ከሌለ ይርጋው 10 ዓመት ነው። ግን ለደንበኛው "ዕዳው ቀርቶልዎታል" ብላችሁ የነገራችሁት ቀን ነገሩ ይቀየራል። ያው ሕግ ቁጥር 1825 ላይ ባለገንዘቡ ባለዕዳውን ነጻ እንዳወጣው ካስታወቀው ዕዳው ቀሪ ይሆናል ይላል፣ ባለዕዳው ወዲያውኑ አልፈልግም ካላለ በቀር። ማለትም በአንዲት ኤስኤምኤስ ዕዳው በሕግ ሊያልቅ ይችላል፣ በዓመቱ "ኧረ ነጋዴዋ መኪና ገዝታለች፣ እንጠይቃት" ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ቀድሞ ይወሰን። የኔ አቋም ግልጽ ነው፣ ለትንሽ ብር ሙሉ በሙሉ ይቅር በሉና በግልጽ ንገሩ። ግማሽ መንገድ መቆም ነው መጥፎው፣ "ሂሳብዎ ተዘግቷል" ብቻ ተብሎ ሲላክ አንዱ ከፍዬ ጨርሻለሁ ማለት ነው ይላል፣ አንዱ ሊከሱኝ ነው ብሎ ይደነግጣል፣ አንዱ ደግሞ የባንክ አካውንቴ ተዘጋ ብሎ ባንክ ይሄዳል። ሂሳብ የሚለው ቃል እኛ ጋ ብዙ ትርጉም ስላለው የትኛው ሂሳብ እንደሆነ መናገር ግድ ነው። ድርጅታችሁ መብቱን ማስቀረት ከፈለገ ደግሞ ለደንበኛው ዕዳው ቀርቷል የሚል ምንም ቃል አትጻፉ፣ የዱቤ አገልግሎቱ መቆሙን ብቻ ንገሩና ያልተከፈለው 880 ብር እንዳለ ጥቀሱ።

ሌላው፣ ለማን ነው የምትጽፉት? እኛ ምሳሌ ላይ ባለዕዳው ማህበሩ ነው፣ ሴትዮዋ በግላቸው አይደሉም። "ዕዳዎን ምረንዎታል" ብሎ ለሳቸው መጻፍ ያልነበረባቸውን ዕዳ መጫን ነው፣ ሰውም ያስቀይማል። ደብዳቤው ለማህበሩ ይጻፍ፣ ለሳቸው በሥራ አስኪያጅነታቸው ይድረስ።

መጀመሪያ መደወል፣ ከዛ በጽሁፍ ማጽናት ጥሩ ነው። ስልኩ ላይ ረጅም ወሬ አያስፈልግም። እኛ የላክነው ጽሁፍ ይሄን ይመስላል፦

"ለ… ማተሚያ ቤት ኃ/የተ/የግ/ማህበር። ጉዳዩ፦ የዱቤ ሂሳብ ስለመዘጋቱ። ማህበሩ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ከድርጅታችን በዱቤ ከወሰደው ዕቃ ላይ 880.00 ብር ሳይከፈል ቀርቷል። ድርጅታችን ይህንን ቀሪ ገንዘብ ላለመጠየቅ ወስኖ ማህበሩን ከዚህ ዕዳ ነጻ አድርጓል። ከሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በኛ መዝገብ ላይ ያለው የዱቤ ሂሳብ ተዘግቷል፣ ከማህበሩ የሚጠበቅ ክፍያ የለም። ይህ መልእክት የሚመለከተው ከኛ ጋር የነበረውን የዱቤ ሂሳብ ብቻ ነው፣ የባንክ ሂሳብን አይመለከትም። ወደፊት ዕቃ መግዛት ቢፈልጉ በእጅ በእጅ ክፍያ በደስታ እናስተናግዳለን። ቀሪው ትክክል አይደለም የሚሉ ከሆነ ወይም ጥያቄ ካለዎት ቀድሞ በሚያውቁት የቢሮ ስልካችን ይደውሉልን።"

ስለ ጥቂት ቃላት ልበል። "ላለመጠየቅ ወስኖ" እና "ነጻ አድርጓል" ሁለቱም አሉ፣ ጥርጣሬ እንዳይኖር። "ባለመክፈልዎ ምክንያት" የሚል ነገር የለም፣ ይቅር ካላችሁ በኋላ መውቀስ ምን ይሠራል። "በእጅ በእጅ" የሚለው ደግሞ ዱቤ ከእንግዲህ የለም ማለት ነው ግን በሩ አልተዘጋም። አዲስ የስልክ ቁጥር፣ ሊንክ፣ የባንክ ወይም የቴሌብር ቁጥር ምናምን አታስገቡ፣ ስለ ዕዳ የሚመጣ መልእክት ላይ እንደዚህ ያለ ነገር ሲታይ ሰው አጭበርባሪ ነው ብሎ ነው የሚያስበው፣ ልክም ነው።

ቅደም ተከተሉም ይጠበቅ፣ መጽደቅ፣ ከዛ መመዝገብ፣ ከዛ ወይም በዛው ቀን መንገር። ሳይጸድቅ ከተነገረ ድርጅቱ ያልወሰነውን ይቅርታ እናንተ ሰጣችሁ፣ ተመዝግቦ ካልተነገረ ደግሞ ሰብሳቢው የድሮ ሊስቱን ይዞ ደውሎ ሊጠይቃቸው ይችላል። ስለዚህ መልእክቱ በተላከበት ቀን ስሙ ከሰብሳቢዎች ሊስት ላይ ይውጣ፣ ለሽያጭ ልጆችም ይነገር፣ ሴትዮዋ ሱቅ ሲመጡ "እትዬ ያቺ ቀሪ እኮ አለች" የሚላቸው ሰው እንዳይኖር።

"አይ፣ እከፍላለሁ" ካሉስ

ይሄ ይመጣል፣ በተለይ ትልልቅ ሰዎች ላይ፣ "የሰው ገንዘብ በላዬ ላይ አያድርም" ይላሉ። ሕጉም ይሄን መብት ሰጥቷቸዋል። አትከራከሯቸው፣ ወዲያው ከሆነና እምቢ ካሉ ይቅርታው አልጸናም፣ Receipts ላይ የሠራችሁትን ስረዛ ሰርዛችሁ ደረሰኙን መልሳችሁ ክፍት አድርጉት፣ መቼ እንደሚከፍሉም ጠይቃችሁ ጻፉ፣ ሲከፍሉ እንደማንኛውም ክፍያ ባንክ ላይ ይመዘገባል።

ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ በራሳቸው ፍላጎት ከከፈሉ ግን ያለፈውን ዓመት አትነኩም፣ ባንክ ዴቢት፣ ተሰርዞ የተመለሰ ሂሳብ የሚል የገቢ አካውንት ክሬዲት። ስረዛው በግብር ተቀናሽ ተይዞ ከነበረ ይሄ ገቢ ግብር ይከፈልበታል፣ እንደኔ መልሳችሁ ደምራችሁት ከነበረ ግን ሁለቴ ግብር እንዳትከፍሉበት የዛን ዓመት ማስታወሻ ፋይል ውስጥ ፈልጉ። የከፈሉበትን የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ ስጡ፣ የሽያጭ ደረሰኝ ግን በማሽን እንደገና አትቁረጡ፣ ሽያጩ መጋቢት 2016 ላይ ተቆርጦ ቫቱም ያኔ ተገልጿል።

የኛዋ ሴትዮ ደብዳቤው ሲደርሳቸው ደውለው "እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ዘጉት። ማጽደቂያው፣ የስልክ ማስታወሻው፣ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙ፣ የስቶሩ መረከቢያ፣ የደብዳቤው ኮፒ፣ ዜሮ ያለው ሌጀር፣ ስድስቱም በአንድ ፕላስቲክ ገብተው የደንበኛው ፋይል ላይ "ሰኔ 2017 ተዘግቷል" ተብሎ ተጻፈበት።